የቀድሞ አለቃችሁን ሪፈረንስ እንዲሆኑላችሁ በኢሜይል ስትጠይቁ፦ ከዝግጅት እስከ ምስጋና

«ጥሩ ልጅ ናት።»

ሰው ኃይል ክፍል ተቀምጬ ለሪፈረንስ ስደውል አመልካችን ይበልጥ ሲጎዳ ያየሁት መልስ ይሄ ነው። የሚናገሩት ኃላፊ ክፉ ሰው አይደሉም። ልጅቷ ደውላ ወይም ጽፋ «ስምዎን ልስጥ?» ስትላቸው «እሺ» ብለዋል። ግን ምን እንደሠራች አያስታውሱም፣ ለምን መደብ እንደምትወዳደር አያውቁም፣ ወይም ከመጀመሪያውም ሊናገሩላት አልፈለጉም፤ ይሉኝታ ይዟቸው ነው። እኔ ደግሞ «እንደገና ብትመጣ ይቀጥሯታል?» ብዬ እጠይቃለሁ። ከመልሳቸው በፊት ያለችው ዝምታ ሁለት ሰከንድ ብትሆን እንኳ በወረቀቴ ላይ ትገባለች።

ስለዚህ የኢሜይሉ ዓላማ እሺታ ማግኘት ብቻ አይደለም። ሰውዬው በቀላሉ እምቢ ማለት እንዲችሉ አድርጎ መጠየቅ ነው። እምቢ ማለት የማይቻልበት ጥያቄ የሚያመጣው እሺታ አይታመንም። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል በዚህ ላይ የቆመ ነው።

## 1. ከመጻፋችሁ በፊት

### የምትጠይቁትን ለዩ

ሦስት ነገሮች ይደባለቃሉ። የሥራ ልምድ ደብዳቤ ምን መደብ ላይ፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ በምን ደመወዝ እንደሠራችሁ የሚገልጽ ወረቀት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የምትተዳደሩ ከሆነ ድርጅቱ ስትጠይቁ በነጻ መስጠት አለበት፤ ከሰው ኃይል እንጂ ከአለቃ አይጠየቅም። ዋስ ደግሞ ብታጠፉ የሚጠየቅላችሁ ሰው ነው። ሪፈረንስ ከሁለቱም ይለያል፤ ስለ ሥራችሁ ሲጠየቅ ያየውን የሚናገር ሰው ማለት ነው።

ይሄን የምለው በከንቱ አይደለም። «ስለ እኔ ኃላፊነት ቢወስዱልኝ» የሚል ኢሜይል የደረሳቸው ሥራ አስኪያጅ ዋስ የተጠየቁ መስሏቸው ሳይመልሱ የቀሩበትን አጋጣሚ አውቃለሁ። በኢሜይላችሁ ውስጥ «ኃላፊነት»፣ «ይቁሙልኝ»፣ «ያስገቡኝ» የሚሉ ቃላት አይግቡ።

### ማንን እንደምትጠይቁ ወስኑ

ሥራችሁን በየቀኑ ያየ የቅርብ ኃላፊ ከዋና ዳይሬክተሩ ይሻላል። ዳይሬክተሩ ስም አላቸው፣ ግን ስለ እናንተ የሚሉት «ጥሩ ልጅ» ነው። አሁን ያላችሁበትን መሥሪያ ቤት ኃላፊ ግን ከሥራ ለመልቀቅ እንዳሰባችሁ እስኪያውቁ ድረስ አትጠይቁ፤ ወሬው ከቃለ መጠይቁ ቀድሞ ይደርሳል።

### ጊዜውን ቁጠሩ

ከቃለ መጠይቁ በፊት ቢያንስ ስምንት የሥራ ቀን ይኑራችሁ። ሦስቱ ለመልስ፣ ሁለቱ ለማስታወሻ፣ ሦስቱ እምቢ ካሉ ሌላ ሰው ለመጠየቅ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 በሚዘጋበት መሥሪያ ቤት ለሚሠራ የሒሳብ ወይም የባንክ ኃላፊ በሰኔ መጨረሻ አትጻፉ። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ሰኔ 28 ልኬ መልሱ የመጣልኝ ሐምሌ 9 ነው፤ ቃለ መጠይቁ ካለፈ ከሳምንት በኋላ።

## 2. መረጃውን ሰብስቡ

ከዚህ ጀምሮ አንድ እውነተኛ ጉዳይ ይዤ ልሂድ። አንዲት የሒሳብ ባለሙያ በአንድ የእርዳታ ድርጅት ከጥቅምት 4 ቀን 2012 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2015 ሠርታ ለቀቀች። ከዚያ ለኅዳር 11 ቀን 2018 ሌላ ድርጅት ውስጥ ለከፍተኛ የሒሳብ ባለሙያነት ቃለ መጠይቅ ተጠራች። ልትጠይቃቸው ያሰበቻቸው የቀድሞዋን የፋይናንስ ኃላፊ ነው።

### ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ

ሲቪዋ ላይ በፈረንጆች አቆጣጠር «2019–2023» ብቻ ብላ ነበር የጻፈችው። የሚያየው ሰው ሲቀንስ አራት ዓመት ያገኛል። ኃላፊዋ ግን የሚያስታውሱት 2012 እና 2015ን ነው፤ ስልክ ላይ ሲጠየቁ «ሦስት ዓመት ይሆናታል» ይላሉ። ማንም አልዋሸም፤ ግን በጠያቂው ቅጽ ላይ «የአገልግሎት ዘመን አይገጥምም» ተብሎ ይጻፋል። ትክክለኛው ሦስት ዓመት ከስምንት ወር ነው፤ በፈረንጆቹ ከኦክቶበር 15 ቀን 2019 እስከ ጁላይ 7 ቀን 2023።

ሲቪያችሁን ወርና ዓመት አድርጋችሁ አስተካክሉ። ለኃላፊው በምትልኩት ላይ ደግሞ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን አስቀምጡ።

### የሚናገሩበትን ሥራ ምረጡ

ሁለት ሥራ ይበቃል፣ ሦስት ከሆነ ጣሪያው ነው። ኃላፊው በዓይናቸው ያዩት፣ ከአዲሱ መደብ ጋር የሚገናኝ ይሁን። የእኛዋ ባለሙያ መጀመሪያ አሥራ አንድ ነጥብ ጽፋ መጣች፤ «ታታሪነት» እና «በቡድን መሥራት» ሳይቀሩ። ስናጣራ ሁለት ቀረ። የስድስት የባንክ ሒሳቦች ማስታረቅ እሷ ከመያዟ በፊት እስከ ወሩ 20 ይጎተት የነበረው በ5ኛው ቀን የሚያልቅ ሆኗል። የቢሮውን ሒሳብ ከኤክሴል ፒችትሪ ወደሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ሲያዛውሩም የመክፈቻ ሒሳቡን ያስገባችው እሷ ናት። እነዚህን ኃላፊዋ ሲያነቡ ወዲያው ትዝ ይላቸዋል።

የሥራ ማስታወቂያውንና አዲሱን ሲቪ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ አዘጋጁ። የፋይሉ ስም የእናንተ ስምና «ሲቪ» የሚል ይሁን፤ `Scan0001.pdf` የሚባል ነገር በስልክ ለሚያነብ ሰው ምንም አይነግርም።

## 3. ኢሜይሉን ጻፉ

### አጠራሩ

መሥሪያ ቤት ሳላችሁ በምን ትጠሯቸው ነበር? በዚያው ቀጥሉ። «እርስዎ» ትሏቸው ከነበረ አሁን «አንቺ» አይባልም። «አንቺ» ትባባሉ ከነበረ ደግሞ በድንገት «ክብርት» ማለት ነገር ያለ ያስመስላል፤ ስማቸውን ጠርታችሁ ጀምሩ። ማዕረጉን አትርሱ፤ ኢንጂነሩን «አቶ» ብሎ መጻፍ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነው። ከማዕረጉ ቀጥሎ የሚመጣው የራሳቸው ስም ነው፣ የአባታቸው አይደለም።

### የማይጻፈው

የመጀመሪያው ረቂቋ እንዲህ ይጀምር ነበር፦

> እንዴት ሰነበቱ፣ ጠፋሁብዎት አይደል? እርስዎ ለእኔ አለቃ ብቻ ሳይሆኑ እናቴ ነዎት። አንድ ነገር ላስቸግርዎት ነበር፣ እምቢ እንደማይሉኝ አውቃለሁ።

ፍቅሩ እውነተኛ ነው። ግን «እምቢ እንደማይሉኝ አውቃለሁ» በሩን ከውጭ ቆልፎታል። ጥያቄው ምን እንደሆነ ሳይነገራቸው መልሳቸው ተወስኗል። በዚያ ላይ «አንድ ነገር» ሲሉት ብዙ ሰው ቀድሞ የሚጠረጥረው ብድር ነው።

### የተስተካከለው

> ርዕስ፦ የሪፈረንስ ጥያቄ — (ስም ከነአባት)፣ የቀድሞ የሒሳብ ክፍል ባልደረባ
>
> ይድረስ ለወ/ሮ እገሊት፣
>
> እንደምን ሰነበቱ? ከጥቅምት 2012 እስከ ሰኔ 2015 በእርስዎ ሥር በሒሳብ ባለሙያነት የሠራሁት (ስም ከነአባት) ነኝ፤ የስድስቱን የባንክ ሒሳቦች አስታርቅ የነበርኩት።
>
> ኅዳር 11 ቀን በአንድ የእርዳታ ድርጅት ለከፍተኛ የሒሳብ ባለሙያነት ቃለ መጠይቅ አለብኝ። ድርጅቱ ሥራዬን በቅርብ የሚያውቅ የቀድሞ ኃላፊ ስለሚጠይቅ ሪፈረንስ ሊሆኑልኝ ፈቃደኛ ይሆኑ እንደሆነ ልጠይቅዎት ነው የጻፍኩት። ከተስማሙ አጭር የስልክ ጥያቄ ይመልሳሉ፣ ወይም በኢሜይል የሚላክልዎትን ቅጽ ይሞላሉ። የዋስትና ጉዳይ የለበትም።
>
> ጊዜው የማይመችዎት ከሆነ፣ የመሥሪያ ቤቱ ደንብ የማይፈቅድ ከሆነ፣ ወይም ለዚህ መደብ ሌላ ሰው ቢናገርልኝ ይሻላል ብለው ካሰቡ በአንዲት መስመር ቢገልጹልኝ ይበቃኛል። ሌላ ሰው ለመጠየቅ ጊዜ አለኝ፤ ምክንያቱን መንገርም አያስፈልግዎትም።
>
> ለማስታወስ እንዲረዳዎት፦ የባንክ ማስታረቁን ከወሩ 20ኛ ቀን ወደ 5ኛው ቀን ያመጣንበትንና ወደ ፒችትሪ ስንዛወር የመክፈቻ ሒሳቡን ያስገባሁበትን ሥራ አዲሱ መደብ በቀጥታ ይፈልገዋል። ሲቪዬንና የሥራ ማስታወቂያውን አያይዣለሁ።
>
> እስከ ሐሙስ ኅዳር 4 ቢያሳውቁኝ ደስ ይለኛል። ፈቃደኛ ከሆኑ የትኛውን ስልክና ኢሜይል ልስጥ? በየትኛው ሰዓት ቢደወልልዎት ይመችዎታል?
>
> ከአክብሮት ጋር፣
> (ስም ከነአባት፣ ስልክ)

### ለምን እንዲህ ሆነ

ርዕሱ ላይ ስምና ክፍል ያለው ኃላፊዋ ሳይከፍቱት እንዲያውቋት ነው። «ሰላምታ» ወይም «ጥያቄ» የሚል ርዕስ በ40 ያልተነበቡ መልእክቶች መሀል ይቀበራል።

«ጊዜው የማይመችዎት ከሆነ» ብሎ የሚጀምረው አንቀጽ የኢሜይሉ ልብ ነው፤ አትቁረጡት። ብዙ ሰው «እንዲህ ካልኳቸውማ እምቢ ይሉኛል» ብሎ ያወጣዋል። እምቢ የሚሉ ከሆነ ደግሞ የምትፈልጉት አሁን፣ ለእናንተ ብቻ እንዲሉ ነው፤ ስልክ ላይ ለእኔ እንዲሉ አይደለም። ሦስቱ ምክንያቶች የተደረደሩት ሰው ሳያፍር አንዱን መዞ እንዲወጣ ነው። «የመሥሪያ ቤቱ ደንብ» በተለይ ጥሩ መውጫ ነው፤ እውነትም ሠራተኛው የሠራበትን ዘመንና መደብ ሰው ኃይል ብቻ እንዲያረጋግጥ የሚያዙ ድርጅቶች አሉ።

ድርጅቱን በስሙ አለመጥራቷ የራሷ ምርጫ ነው። ኃላፊዋ እዚያ የሚያውቁት ሰው ካለ «ልደውልልሽ» ብለው ነገሩን ወደ ማስገባት እንዳይወስዱት ፈርታ ነው። ከተስማሙ በኋላ ስሙን መንገር ግን ግዴታ ነው፤ ከማያውቁት ቁጥር ሲደወል ላያነሱ ይችላሉ።

ሰዓት ስትጽፉ «9 ሰዓት» ብቻ አትበሉ። «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ወይም «ከቀኑ 9 ሰዓት» በሉ። ኃላፊው አሁን ዋሽንግተን ካሉ ከአዲስ አበባ ሰባት ወይም ስምንት ሰዓት ወደኋላ ናቸውና የሁለቱንም ከተማ ሰዓት ጻፉ።

## 4. ላኩ፣ መድረሱንም አረጋግጡ

1. የተቀባዩን አድራሻ መጨረሻ ላይ አስገቡ። ረቂቁ ሳያልቅ ጣት መላኪያውን እንዳይነካ ነው።
2. እሳቸው ብቻ ወደሚከፍቱት አድራሻ ላኩ። ሰዎች በጋራ የሚከፍቱት የክፍል ኢሜይል ላይ ሥራ መፈለጋችሁን አታውጁ።
3. ሰኞ ወይም ማክሰኞ ጠዋት ከ2 እስከ 3 ሰዓት ላኩ። ሌሊት ጽፋችሁ ከጨረሳችሁ ጂሜይል ላይ `Schedule send` የሚለውን ተጠቀሙ። የእኛዋ ባለሙያ የላከችው ሰኞ ኅዳር 1 ነው።
4. ከአሥር ደቂቃ በኋላ የመልእክት ሳጥናችሁን እዩ። ከ`Mail Delivery Subsystem` የመጣ `Address not found` የሚል ካለ አድራሻውን ተሳስታችኋል፣ ወይም ኃላፊው መሥሪያ ቤቱን ለቀዋል። ዝም ያሉ እየመሰላችሁ ሦስት ቀን አትጠብቁ።
5. በዚያው ቀን በቴሌግራም ወይም በአጭር መልእክት፦ «ወ/ሮ እገሊት፣ (ስም) ነኝ፣ ጤና ይስጥልኝ። ስለ ሪፈረንስ ኢሜይል ልኬልዎታለሁ፣ ሲመችዎት ይመልከቱልኝ።» ብቻ በሉ።

ጥያቄውን ራሱን በስልክ አትድገሙት። እኛ አገር ስልክ ላይ «አይ» ማለት ከባድ ነው፤ በኢሜይሉ የከፈታችሁትን በር በስልክ ትዘጉታላችሁ።

## 5. መልሱን አንብቡ

### እውነተኛ እሺታ

«እሺ፣ በዚህ ቁጥር ይደውሉ፣ ከሰዓት ይመቸኛል። መደቡ ግራንት ሪፖርትም አለው እንዴ?» ሰውየው ማስታወቂያውን አንብበዋል፣ ቁጥር ሰጥተዋል፣ ጥያቄ ጠይቀዋል። ስማቸውን መስጠት ትችላላችሁ።

### ለብ ያለ እሺታ

«እሺ ችግር የለም» ብቻ፤ ቁጥር የለም፣ ሰዓት የለም። ምናልባት መንገድ ላይ ሆነው ነው። አንድ ጊዜ ብቻ «አመሰግናለሁ፤ የትኛውን ስልክ ልስጥ?» ብላችሁ ጻፉ። አሁንም «የሚያውቁትን ስጪ» ወይም «እናያለን» ከመጣ እምቢታ ነው። ሳታሳፍሩ ውጡ፦ «ወ/ሮ እገሊት፣ ቀኑ ስለተጣበበ ሌላ ባልደረባ ጠይቄ ተስማምተውልኛል። ስላሰቡልኝ አመሰግናለሁ።» ይሄን ከመላካችሁ በፊት ግን ሌላውን ሰው በእርግጥ ጠይቁ።

### ዝምታ

በሰጣችሁት ቀን ማግስት አንድ ማስታወሻ በዚያው ኢሜይል ላይ መልስ አድርጋችሁ ላኩ፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ፣ አዲሱን ቀን ጨምራችሁ። ከዚያ በኋላ ሁለት የሥራ ቀን ካለፈ ወደ ቀጣዩ ሰው እለፉ። ስማቸውን «ላይደወልላቸው ይችላል» ብላችሁ በቅጹ ላይ አትሙሉ። ሳይፈቅዱ የተሰጡ ሰዎች ስልክ ላይ የመጀመሪያ ቃላቸው «ማን ናት?» ነው።

### «አንቺ ጻፊውና እፈርማለሁ»

ይሄ እኛ ዘንድ የተለመደ ነው፣ ከደግነትም ይመጣል። ያለቀ ደብዳቤ አትላኩ። ቀኑን፣ መደቡንና ሁለቱን ሥራዎች በአጭሩ ዘርዝራችሁ «በራስዎ አገላለጽ ቢያስቀምጡት» በሉ። በእናንተ ቃላት የተጻፈ ደብዳቤ ላይ ፈርመው ስልክ ሲደወልላቸው ደብዳቤው ላይ ያለውን ካላወቁት ሁለታችሁም ትጋለጣላችሁ።

### ተጣልታችሁ ከሆነ የለቀቃችሁት

እርቅ በሪፈረንስ ኢሜይል አይጀመርም። ሥራችሁን ያየ የፕሮጀክት አስተባባሪ ወይም የቡድን መሪ ጠይቁ። ሆኖም አንዳንድ ዓለም አቀፍ የእርዳታ ድርጅቶች የሥነ ምግባር ጥሰት መኖር አለመኖሩን ያለፉትን አምስት ዓመታት ቀጣሪዎች ሰው ኃይል ክፍል በቀጥታ ይጠይቃሉ። ስለዚህ የቀድሞ አለቃችሁ ስም ለምን እንደሌለ ብትጠየቁ የምትሉት አጭርና እውነተኛ መልስ ይኑራችሁ።

## 6. ከተስማሙ በኋላ

የእኛዋ ኃላፊ ረቡዕ መለሱ፤ ቁጥራቸውን ሰጡና «ከሰዓት 9 እስከ 11» አሉ። እሷም በቅጹ ላይ ያንን ሰዓት ጨምራ ሞላች።

ከቃለ መጠይቁ በፊት ባለው ቀን ሌላ መልእክት ላኩ፤ የድርጅቱን ስም፣ የሚደውልላቸውን ክፍል፣ የሠራችሁበትን ዘመን በአንድ መስመር። «እንዲህ ይበሉልኝ» አትበሉ። የደወልኩላቸው ሰው እያነበቡ ሲመልሱ ድምፃቸው ይታወቃል።

ቃለ መጠይቁ ባለቀ ቀን «ደህና ነበር፤ በዚህ ሳምንት ሊደውሉ ይችላሉ» በሉ። ቃለ መጠይቁ ላይ ስለ ደካማ ጎናችሁ የተናገራችሁት ነገር ካለ ንገሯቸው። ኃላፊዎችም «ምን ማሻሻል አለባት?» መባላቸው አይቀርም። እሷ «ሪፖርት ላይ እዘገይ ነበር» ብላ እሳቸው «ምንም እንከን የላትም» ካሉ የሚታመነው ማንም አይሆንም።

ውጤቱ ሲታወቅ፣ ባታልፉም፣ ጻፉላቸው። እሷ አላለፈችም ነበር። «ወ/ሮ እገሊት፣ በዚህ ዙር አልተሳካልኝም፤ ሁለተኛ ወጣሁ። ጊዜዎን ሰጥተው ስለተናገሩልኝ አመሰግናለሁ።» አለች። በማግስቱ የመጣላት መልስ አንዲት መስመር ነበረች፦ «በርቺ። ለሚቀጥለውም ቁጥሬን ስጪ፣ ብቻ ቀድመሽ ንገሪኝ።»